የጥብስ ቅጠልና አብሽ ለፀጉር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ሹሩባ ስሠራ ዓመታት አለፉኝ። ወንበሬ ላይ የምትቀመጥ ሴት ስለ ልጆቿ ታወራለች፣ ስለ ቡና ዋጋ ታወራለች፣ መጨረሻ ላይ ግን ጥያቄዋ ያው ነው፦ «ይሄ የጥብስ ቅጠል እውነት ፀጉር ያበቅላል?» ከዚያ አብሽ ይከተላል። ሁልጊዜ እጄ ሥራ ላይ ስለሆነ መልሴ ይቆራረጣል። እዚህ በተረጋጋ መንፈስ ልጻፈው።

የጥብስ ቅጠል ፀጉር ያበቅላል ወይስ ወሬ ነው?

ትንሽ እውነት አለው፤ ቀሪውን ቲክቶክ ጨምሮበታል።

ሁሉም የሚጠቅሰው በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢራን ጥናት ነው። ጥናቱ ላይ የተሳተፉት በዘር የሚመጣ መመለጥ የጀመራቸው 100 ወንዶች ናቸው። ግማሾቹ የጥብስ ቅጠል ዘይት ያለበት ቅባት፣ ግማሾቹ ደግሞ ፋርማሲ የሚሸጠውን ሚኖክሲዲል ተቀቡ፤ ያውም ደከም ያለውን፣ ባለ 2 በመቶውን። በሦስተኛው ወር ሲቆጠር በሁለቱም ወገን ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም። በስድስተኛው ወር ሁለቱም ጨምረዋል። ስንት? የጥብስ ቅጠሉ ወገን በምትቆጠረዋ ትንሽ ቦታ ላይ በአማካይ ከ123 ገደማ ወደ 130 ገደማ ፀጉር ደረሰ። ሰባት ፀጉር ማለት ነው።

ሰባት ፀጉር ከምንም ይሻላል። ነገር ግን ምንም ሳይቀባ የተቆጠረ ሦስተኛ ወገን ጥናቱ ውስጥ ስላልነበረ፣ ጭማሪው በሙሉ የቅባቱ ነው ማለት አይቻልም። ደግሞ የተቀቡት ተለክቶ የተሠራ ቅባት ነው እንጂ ድስት ውስጥ የፈላ የቅጠል ውሃ አይደለም። በስድስት ወር ወገብ ላይ ደረሰልኝ የምትለዋ ልጅ ሌላ ነገር አላት፤ ምናልባትም ዊግ።

አብሽስ?

አብሽ ሥር ውስጥ ገብቶ አዲስ ፀጉር ያወጣል የሚያሰኝ የማውቀው አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ግን አብሽን እወደዋለሁ፤ የምወደው በሌላ ምክንያት ነው።

አብሽ ውሃ ውስጥ ሲያድር እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ያ የሚያዳልጠው ነገር ፀጉሩን ከላይ ይሸፍነዋል። የኛ ፀጉር ጥቅልል ስለሆነ ማበጠሪያ ሲገባበት ይያያዛል፣ ይወጠራል፣ በየመታጠፊያው ይቀነጠሳል። አብሽ የነካው ፀጉር ግን ማበጠሪያውን ያሳልፈዋል። ስለዚህ አብሽ አያበቅልም፤ የበቀለው እንዳይሰበር ያግዛል።

ታዲያ ጎረቤቴ በአብሽ ብቻ ፀጉሯ እንዴት ረዘመላት?

ይህን ጥያቄ ሰዎች ሊረቱኝ ሲሉ ነው የሚያነሱት። መልሱ ቀላል ሒሳብ ነው።

ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። የኛ ጥቅልል ፀጉር ከዚያም ትንሽ ሊያንስ ይችላል። «ፀጉሬ አላድግ አለ» የምትል ሴት ፀጉሯ ከሥር እያደገ ነው፤ ግን በወር አንድ ሴንቲ ሲያድግ ጫፉ ላይም አንድ ሴንቲ ይሰበራል። ርዝመቱ ባለበት ይቆማል። አሁን አብሽ መጠቀም ጀመረችና የሚሰበረው በግማሽ ቀነሰ እንበል። በወር ግማሽ ሴንቲ ይተርፋታል፣ በስድስት ወር ሦስት ሴንቲ ይሆናል። ሥሩ ምንም አልተለወጠም፤ ያው ፀጉር በሕይወት ቆየ እንጂ። ጎረቤትሽ አልዋሸችም፤ ምክንያቱን ነው የሳተችው።

የራስሽን ለማወቅ ደግሞ ስታበጥሪ የወደቀውን ፀጉር ነጭ ወረቀት ላይ አድርገሽ እዪው። ሙሉ ርዝመት ያለውና አንድ ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ያለበት ከሥሩ የተነቀለ ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 ያህል እንዲህ መውደቁ የጤና ነው። ሹሩባ ለሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲፈታ ደግሞ የሦስት ሳምንቱ ባንዴ ስለሚወጣ አትደንግጪ። ነጭ ነጥብ የሌለው አጫጭር ቁርጥራጭ ከበዛ ግን ችግሩ መሰበር ነው፤ የአብሽ ጉዳይ ነው።

የአብሽ ውሃ እንዴት ይዘጋጃል?

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያልታመሰ፣ ያልተፈጨ የአብሽ ፍሬ ውሰጂ። ልቀሚው፣ እጠቢው፣ በሁለት ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ዘፍዝፈሽ ክዳን አድርጊበትና ይደር። ጠዋት ውሃው ቢጫ ሆኖ ወፈር ይላል። በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልዪው። ወንፊት ብቻውን አይበቃም፤ የፍሬው ቅርፊት ፀጉር ውስጥ ከገባ ለቅሞ ማውጣት ፎረፎር ከመልቀም አይተናነስም።

ፀጉርሽን በሻምፖ ታጠቢና ውሃውን ጭመቂው። ከዚያ የአብሹን ውሃ ከቆዳው ይልቅ ፀጉሩ ላይ እስከ ጫፉ አፍስሺ፣ በጣትሽ አፍታቺ፣ 20 ደቂቃ አቆዪው፣ በለብታ ውሃ አለቅልቂው። ስታለቀልቂው ፀጉሩ አሁንም ያዳልጣል፤ ልክ ነው፤ ማበጠር ያለብሽ ያኔ ነው።

የተፈጨ አብሽ አትጠቀሙ የምለው ብዙ ጊዜ ስለተፀፀትኩበት ነው። ለወጥ የተዘጋጀው ዱቄት ታምሶ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ነገርም ሊቀላቀልበት ይችላል። ደግሞ ሥሩ ላይ ይደርቅና እንደ ሊጥ ይይዛል። የአንዲት ደንበኛዬን ራስ ከዚያ ለማጽዳት አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል። ያጸዳሁት ስንት ፀጉር ሰብሬ እንደሆነ ደግሞ አትጠይቁኝ።

ውሃው በቀኑ ማለቅ አለበት። ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ቢቆይ ነው። አረፋ ካወጣ ወይም ኮምጠጥ ካለ መድፋት ነው።

የጥብስ ቅጠል ውሃስ?

ይሄ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውሃ አፍሊ፣ አውርጂው፣ አምስት ስድስት ዘንግ ቅጠል ጨምረሽ ክደኚውና ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ክዳኑን አትርሺ፤ የሚሸተው ነገር በእንፋሎቱ ነው የሚያመልጠው። አጥልለሽ ሲቀዘቅዝ ከታጠብሽ በኋላ ራስሽ ላይ አፍስሺው። መታጠብ አያስፈልገውም። ደስ የሚል ሽታ አለው፣ የራስ ቆዳን ያነቃቃል። ለፀጉር እድገት ግን ከዚህ ውሃ ብዙ አትጠብቂ፤ ዘይቱ ውሃ ውስጥ ብዙም አይሟሟም። ቀለም የተቀባሽ ወይም ሽበትሽ የበዛ ከሆነ ደግሞ ቅጠሉ ጠቆር ያለ ጥላ ሊጥልበት ይችላል።

ዘይቱን ቤት ውስጥ መሥራት እችላለሁ?

ትችያለሽ፤ ግን አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ።

የመጀመሪያዬን የሠራሁት ክረምት ላይ ነው። ሐሙስ ገበያ ወጥቼ ከሂርማታ እርጥብ የጥብስ ቅጠል ገዛሁ፣ አጥቤ በቀጥታ ዘይት ውስጥ ከተትኩት። በሁለተኛው ሳምንት ዘይቱ ደፈረሰ፣ ሥሩ ላይ ውሃ አቆረ፣ ከዘይቱ በላይ የቀሩት ቅጠሎች ላይ ነጭ ነገር አበበ። ሻግቷል። ጥፋቱ ውሃው ነው። እርጥብ ቅጠል ውሃውን ዘይት ውስጥ ይለቅቃል፣ ውሃ ባለበት ደግሞ ሻጋታ ይኖራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማድረቅ ነው። በበጋ ጥላ ውስጥ ተንጠልጥሎ በሳምንት ውስጥ ይደርቃል። የጅማ ክረምት ግን ልብስ እንኳ አያደርቅም። እኔ የማደርገው፣ እንጀራ ጋግሬ ከጨረስኩ በኋላ ምጣዱ ለብ ብሎ እጅ የሚያስቀምጥ ሲሆን ቅጠሉን ላዩ ላይ እዘረጋዋለሁ። ሁለት ሦስት ጋገራ ይበቃዋል። በጣት ሲታሽ ኮሽ ብሎ ካልተሰባበረ አልደረቀም።

የደረቀውን ጨፍልቀሽ የአንድ ብርጭቆ ጠርሙስ ግማሽ ሙዪው። ከዚያ ዘይት ጨምሪ፤ ዘይቱ ቅጠሉን ሸፍኖ ሁለት ጣት ይትረፍ። የኑግ፣ የሰሊጥ ወይም የአቮካዶ ዘይት ይሆናል። የጉሎ ዘይት በጣም ወፍራም ስለሆነ ብቻውን አያወጣውም፤ ከሌላው ጋር ሩብ ያህል ብትቀላቅዪው ነው። ጠርሙሱን ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አቁመሽ በትንሽ እሳት ሁለት ሰዓት አቆዪው። ድስቱ ታች ጨርቅ ካላነጠፍሽ ጠርሙሱ ይሰነጠቃል። ዘይቱን በቀጥታ እሳት ላይ አትጣጂው፤ ቅጠሉ ያርራል፣ የጥብስ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ለጥብስ ነው የሚሆነው። በውሃው ውስጥ ሲሆን ግን ጅማ ከፍታዋ ከ1,700 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ ዘይቱም ከዚያ አያልፍም። ሲሞቅ ከቅጠሉ ትናንሽ አረፋ ከወጣ እርጥበት ቀርቶበታል፤ ክዳኑን ክፍት አድርገሽ አረፋው እስኪቆም አቆዪው።

ቀዝቅዞ በደረቅ ጨርቅ ይጠለላል። ጠርሙሱ ደረቅና ጠቆር ያለ ይሁን። ሁለት ወር ገደማ ይቆያል፤ የቆየ ዘይት ሽታ ካመጣ ጊዜው አልፏል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ የቤት ዘይት ከቅጠሉ ተነጥሮ ወጥቶ በትንሽ ጠርሙስ ከሚሸጠው ንጥረ ዘይት እጅግ የደከመ ነው። የጥናቱን ውጤት ከእሱ መጠበቅ ጠላ ጠጥቶ እንደ አረቄ ልስከር ማለት ነው።

ከሱቅ የሚገዛው ትንሹ ጠርሙስ ታዲያ ይሻላል?

እውነተኛ ንጥረ ዘይት ከሆነ ጠንካራ ነው። ግን ገበያ ላይ ያለው ብዙው ዘይትና ሽቶ ነው። አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉና እስከ ነገ ተዉት። ንጹሕ ንጥረ ዘይት ተንኖ ይጠፋል፣ ቢበዛ ትንሽ ምልክት ይቀራል። እንደ ፓስቲ ወረቀት ቅባት ያለው ክብ ከቀረ በሌላ ዘይት ተበርዟል።

ንጹሑን በቀጥታ ራሳችሁ ላይ አታፍስሱት፤ ያቃጥላል። ልኩ ለሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት 12 ጠብታ ነው። ይህ 2 በመቶ ገደማ ይመጣል። ጠብታውን ማብዛት ፀጉር አያፋጥንም፤ ማሳከክን ነው የሚያፋጥነው።

በሳምንት ስንቴ ልቀባ?

ዘይቱን በሳምንት ሁለት ሦስት ማታ፣ በጣት ጫፍ፣ ቆዳው ላይ፣ ለአምስት ደቂቃ እያሻሸሽ። አንድ የሻይ ማንኪያ ለሙሉ ራስ ይበቃል። ትራስ ላይ ከተንጠባጠበ አብዝተሻል። አብሹን በሳምንት አንዴ።

ፎረፎር አለብኝ፤ ዘይት ልቀባ?

አይ። ፎረፎር «የራስ መድረቅ» አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ቆዳ ላይ የሚኖር እርሾ መሰል ነገር ሲበዛ የሚመጣ ነው፤ እሱ ደግሞ ቅባት ይመገባል። ዘይት ስትቀቢ ቅርፊቱ ለጊዜው ይለጠፍና የጠፋ ይመስላል፣ ከሳምንት በኋላ ወፍሮና ቢጫ ሆኖ ይመለሳል። መጀመሪያ ከፋርማሲ የኬቶኮናዞል ሻምፖ ተጠቀሚ፤ ዘይቱ ይደርሳል።

ከወለድኩ በኋላ ፀጉሬ እያለቀ ነው፤ የግንባሬም ዳር ሳስቷል። የትኛው ይሻለኛል?

ስለ አንድ ደንበኛዬ ልንገርሽ፤ ያንቺም ነገር ከሷ ጋር አንድ ነው።

ከወለደች አራት ወሯ ነበር የመጣችው። ሲበጠር ፀጉሩ በእፍኝ ይወጣል፤ ሁሉም ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ አለው። ይሄ የወሊድ ነው። በእርግዝና ጊዜ መውደቅ የነበረበት ፀጉር ቆይቶ፣ ከወሊድ በኋላ ሦስተኛው ወር ገደማ ላይ ባንዴ ይራገፋል። ጆሮዋ አጠገብ ያለው የግንባር ዳር ግን ሌላ ታሪክ ነው። በግራም በቀኝም ሳስቷል፤ የቀሩት ፀጉሮች አጫጭር ናቸው፣ ቆዳው ላይ ትናንሽ ሽፍታ አለ። ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይኗ እስኪወጠር ነበር የምትሠራው። «ካልጠበቀ አይቆይም» ይባላል፤ እኛ ሠሪዎችም ጥፋት አለብን።

ያደረግነው ይህ ነው። ሹሩባውን ለሁለት ሳምንት ፈታነው። ስንመለስ ወፈር ወፈር ያለ፣ የግንባሩን ዳር ፀጉር የማይነካ ሠራሁላት። በሳምንት አንዴ አብሽ። ስለምታጠባ ንጥረ ዘይቱን ተውነውና ደካማውን የቤት ዘይት በሳምንት ሁለት ማታ ዳር ዳሩን ብቻ ትቀባ ነበር። በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ መስኮት አጠገብ፣ ያንኑ ቦታ፣ በስልኳ ፎቶ አነሳኋት። ዓይን ይዋሻል፤ ፎቶ ነው የሚያስታርቀን።

በሦስተኛው ወር መራገፉ ቆመ። «የጥብስ ቅጠሉ ነው!» አለች። አልነበረም፤ ምንም ባትቀባም ይቆም ነበር። በስድስተኛው ወር ግራው ላይ ለስላሳ ጭገር መሰል ፀጉር ወጣ፣ ሽፍታውም ጠፍቶ ነበር። እዚህ ላይ ዘይቱ ትንሽ አግዞ ይሆናል፤ ትልቁን ሥራ የሠራው ግን የላላው ሹሩባ ነው። ቀኙ ላይ አንድ የአውራ ጣት የሚያህል ቦታ አልተመለሰም። ቆዳው ልሙጥ ሆኖ ያበራል፣ የፀጉር ቀዳዳ አይታይም። ሲወጠር ኖሮ ሥሩ ከሞተ ዘይት አይመልሰውም። ይህን ስነግራት አለቀሰች። እኔም ከባድ ነበር የሆነብኝ።

ለማን አይሆንም?

ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ ወይም ምስር ሲበላ ሰውነቱ የሚቆጣ ሰው ከአብሽ ይጠንቀቅ፤ ዘመዳሞች ናቸው። ራስ ላይ ተቀብተውት ፊታቸው ያበጠና ትንፋሽ ያጠራቸው ሰዎች አሉ። ንጥረ ዘይቱ ደግሞ ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃናትና የሚጥል በሽታ ላለበት አይሆንም። ሌላው ሰው ክርኑ ውስጥ ትንሽ ቀብቶ ሁለት ቀን ይጠብቅ። ካሳከከ ወይም ከቀላ አይሆነውም፣ አለቀ።

ሐኪም ጋ የምሄደው መቼ ነው?

ክብ ሆኖ ባንዴ የራቆተ ቦታ ካየሽ፣ ላሽ የምንለው ማለት ነው። ልጅ ራስ ላይ ቅርፊት ያለው ክብ ከወጣ፣ ቆረቆር ሊሆን ስለሚችል የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ዘይት ግን ዝም ብሎ ጊዜ ይገድላል። ወይም ከወሊድ ዓመት አልፎት መራገፉ ካልቆመ። ድካም፣ ከባድ የወር አበባ ወይም ማዞር ካለ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ምርመራውን አታዘግዪ።

የአብሽ ሽታ አልለቅ አለኝ። ምን ላድርግ?

ሲያልብሽና ዝናብ ሲነካሽ ነው የሚመለሰው፤ በጅማ ዝናብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ በጥብስ ቅጠል ውሃ አድርጊው፤ ያበርደዋል። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሰርግ ካለብሽ ሳምንቱን ዝለዪው።

ለጋ ቅቤ ላይ ብጨምረውስ?

የደረቀ የጥብስ ቅጠል ቅቤ ውስጥ ብታቀልጪ ይሠራል፤ እናቶቻችን ቅቤን የሚቀቡት ፀጉር እንዳይደርቅና እንዳይሰበር ነው፣ በዚያ ደግሞ አልተሳሳቱም። አብሽ ግን አትጨምሪበት። አብሽ የሚዝለገለገው በውሃ ነው፤ ቅቤ ውስጥ ፍሬ ሆኖ ይቀራል፣ አንቺም ንጥር ቅቤ ስትሸቺ ትውያለሽ።